የጋለ ጉባኤን አሳጥሮ ስለ መጻፍ

የጉባኤ ጸሐፊ በብዙ ሰዓት የተነገረውን በአንድ ገጽ ሊያሳጥር ይገደዳል። ጉባኤው በሰላም ያለፈ እንደ ሆነ ሥራው ቀላል ነው። ዳሩ ግን ድምፅ ከፍ ብሎ፥ ፊት ጠቁሮ፥ ሰው ተነሥቶ ሲወጣ ጸሐፊው ምን ይጻፍ? ቁጣውን ቢሸሽግ ያልሆነውን ጻፈ፤ ቁጣውን በራሱ ስሜት ቢገልጸው ደግሞ ማንም ሳይሾመው ዳኛ ሆነ።

ለዚህ ነገር በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 15 መጨረሻ ያለው ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጳውሎስና በርናባስ አስቀድመው ያስተማሩባቸውን ከተሞች ሊጎበኙ ባሰቡ ጊዜ በርናባስ ማርቆስ የተባለውን ዮሐንስን ሊወስድ ወደደ፤ ጳውሎስ ግን በጵንፍልያ ተለይቶአቸው የተመለሰውን ሰው መውሰድ አይገባም አለ። ቅዱስ ሉቃስ ጠቡን አልሸሸገም። በጽርእ የጻፈው ቃል ‹ፓሮክሲስሞስ› የሚል ነው፤ ይኸውም የጥንት ሐኪሞች ትኩሳት በበሽተኛ ላይ በብርቱ ሲነሣ የሚሉት ነውና ለሐኪሙ ለሉቃስ እንግዳ አይደለም። የነገሩን ግለት በአንድ ቃል ካስታወቀ በኋላ የተነጋገሩትን የምሬት ቃል አልደገመም፤ ግለቱ ያመጣውን ብቻ ጻፈ። ተለያዩ፤ በርናባስ ማርቆስን ይዞ በመርከብ ወደ ቆጵሮስ፥ ጳውሎስም ሲላስን መርጦ ወደ ሶርያና ወደ ኪልቅያ ሄደ። ማርቆስ የበርናባስ ዘመድ እንደ ነበረ ከቆላስይስ መልእክት እናውቃለን፤ ሉቃስ ግን በዚህ ስፍራ አላነሣውም። አንሥቶት ቢሆን ኖሮ አንባቢው ‹በርናባስ ለዘመዱ አዳላ› ብሎ ወዲያው በፈረደ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። የጳውሎስ ምክንያት ተጽፎአል፤ የበርናባስ ግን ፈቃዱ እንጂ ምክንያቱ አልተጻፈም። ታሪኩ ከዚያ በኋላ የጳውሎስን መንገድ ስለሚከተል ይህ አያስደንቅም። ለእኛ ቃለ ጉባኤ ግን አይበቃም፤ ምክንያቱ የተጻፈለት አስተዋይ፥ ፈቃዱ ብቻ የተጻፈበት ግትር መስሎ ይታያልና።

ይህን ወደ ሰበካችን እናምጣው። የአንድ አጥቢያ ሰበካ ጉባኤ 400,000 ብር አለው እንበል። ከአሥራ ሁለቱ አባላት ሰባቱ የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ይታደስ፥ አምስቱ የሕፃናት መማሪያ ቤት ይሠራ አሉ። የጣራውን ሐሳብ የያዙ አንድ ሽማግሌ ጠረጴዛ መቱ፤ መማሪያ ቤቱን የፈለገ አንድ ወጣት መምህር ወረቀቱን ጥሎ ወጣ። ጸሐፊውም እንዲህ አሳጠረው፦ ‹ሽማግሌው ጣራው እያፈሰሰ መሆኑን አስረዱ፤ ወጣቱ ግን በቁጣ ተቃወመ፤ በመጨረሻም ከስምምነት ተደረሰ።›

በዚህ አጭር ነገር ውስጥ ፍርዱ ተሰጥቶ አልቆአል። ‹አስረዳ› የሚባለው እውነት የያዘ ሰው ነው፤ ‹አለ› ወይም ‹ተናገረ› ግን ለማንም አያደላም። ቁጣው ለአንዱ ብቻ ተጻፈ፥ ጠረጴዛ መምታቱ ተረሳ። አንዱ በአንቱታ፥ ሌላው ያለ አንቱታ ተጠራ፤ ይህ በቋንቋችን ከቅጽል ሁሉ ይልቅ ተሰውሮ የሚያዳላ ነገር ነው። ስምምነትም አልነበረም።

እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ ‹ሰባት አባላት ጣራው እንዲታደስ ጠየቁ፤ ምክንያታቸው ክረምት ሳይገባ ካልታደሰ ጉዳቱ ወደ ግድግዳው ያልፋል የሚል ነው። አምስት አባላት መማሪያ ቤት እንዲሠራ ጠየቁ፤ ምክንያታቸው ሕፃናቱ ተጨናንቀው ይማራሉ፥ ጣራው ግን በጥቂት ገንዘብ ለጊዜው ሊደፈን ይችላል የሚል ነው። ክርክሩ የጋለ ነበር፤ ሰብሳቢው ሦስት ጊዜ ጸጥታ ጠየቁ። ከፊተኛው ወገን አንድ አባል ጠረጴዛ መቱ፤ ከኋለኛው ወገን አንድ አባል ድምፅ ሳይሰጥ ወጡ። በ7 ድምፅ ለ4 ጣራው እንዲታደስ ተወሰነ።› ‹የጋለ› የምትለዋ ቃል ለሁለቱም የወጣች ናት፤ የቀረው ሁሉ ዓይን ያየው፥ ጆሮ የሰማው ነው።

ነገር ግን የተቆጣው አንዱ ወገን ብቻ እንደ ሆነ፥ ሚዛን ለመጠበቅ ተብሎ ዝም ያለውን ሰው ተቆጣ ማለት አይገባም። ይህ በአድልዎ ፈንታ ሐሰትን ማግባት ነው። የስድብ ቃልም ቢሆን ጉባኤው መልስ ከሰጠበት ወይም የተሰደበው ይጻፍልኝ ካለ እንደ ተነገረ ይጻፋል፤ ያለዚያ ‹የነቀፋ ቃል ተነገረ› ማለት ይበቃል።

ጸሐፊው ረቂቁን ሳያስፈርም ከየወገኑ ለአንድ አንድ ሰው ቢያነብ መልካም ነው። የሚጠይቃቸውም ‹ተስማማችሁን?› ብሎ ሳይሆን ‹ምክንያታችሁ እናንተ እንደምትናገሩት ሆኖ ተጽፎአልን?› ብሎ ነው። አራቱ በድምፅ የተሸነፉ አባላት በልዩነት ሊፈርሙ ይችላሉ፤ አስቀድመው የወጡት መምህር ግን ውሳኔው ሲሰጥ አልነበሩምና ስማቸው ከፈራሚዎቹ ጋር አይገባም፤ የወጡበት ሰዓት ብቻ ይጻፋል።