ጋቢውና ሂተሩ

በዋሽንግተን ከተማ፣ በአንድ የድሮ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ከትንሽ ልጇ ጋር የምትኖር ሴት ነበረች። የቤቱ ባለቤት በዕድሜ የገፉ ያገሯ ሰው ናቸው፤ የሚኖሩት ግን ከከተማው ወጣ ብለው ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ከላይ ሌላ ተከራይ አለ። ፎቁና ቤዝመንቱ የየራሳቸው ሂተር ስላላቸው፣ የታችኛው ሲበርደው የላይኛው አያውቅም።

ጃንዋሪ ውስጥ አንድ ማክሰኞ ማታ የቤዝመንቱ ሂተር እንደ ወትሮው መንፋቱን ቀጠለ፤ የሚነፋው አየር ግን ቀዝቃዛ ነበር። ሴትዮዋ ለልጇ ሹራብ ደራርባ አሳደረችውና ጠዋት ለባለቤቱ በስልክ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? እትዬስ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነን። ትንሽ ብርድ ቢጤ አስቸገረን እንጂ። እርስዎን በማስቸገሬ በጣም ይቅርታ። ሲመችዎት ብቅ ቢሉልን ደስ ይለናል።»

ጋሼ በዚያው ዕለት ማታ መጡ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በር ላይ ቆመው ነጭ ጋቢ ሰጧት። «ዘንድሮ ብርዱ በርትቷል፣ የኔ ልጅ። ይህን ደርቡበት» አሉና ልጁን መርቀው ሄዱ። እሷም ጋቢ ይዞ ለመጣ ሽማግሌ «ሂተሩ ተበላሽቷል» ማለት ከበዳት። አመስግና ሸኘቻቸው፤ ያን ሌሊትም በብርድ አደሩ።

በማግስቱ እኅቷ በስልክ ሰማችና ተቆጣች። «አንቺ ስለምትለማመጪ ነው! ነገ ካላሠሩ ኪራይ አልከፍልም፣ ፍርድ ቤት እንገናኛለን ብለሽ ጻፊ» አለቻት። ሴትዮዋ ጻፈችው፤ ለመላክ ግን እጇ እምቢ አላት። ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥታ ጎረቤቷን አማከረች። እኒህ ሰው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በሆቴል ጥገና ክፍል የሠሩ ናቸው።

«ቴርሞስታቱ ስንት ላይ ነው ያለው?» አሏት።

«ሰባ ላይ አድርጌዋለሁ። ቤቱ ግን ሃምሳ ሰባት ነው የሚለው።»

«ማራገቢያውስ ይዞራል?»

«ይዞራል፤ የሚወጣው አየር ግን በረዶ ነው።»

አብረው ወረዱ። ፊልተሩን ስበው አዩት፤ ንጹሕ ነው። ብሬከሩም አልወረደም። ከዚያ ቴርሞስታቱን አጥፍታ እንደገና እንድታበራው ነግረዋት ራሳቸው ማሽኑ ፊት ቆሙ። «መጀመሪያ አንዲት ትንሽ ሞተር ትነሣለች» አሏት። «ቀጥሎ በዚች መስታወት በኩል ብርቱካናማ ፍም መታየት አለበት፤ ጋዙ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው።» ሞተሯ ተነሣች። ፍሙ ግን አልታየም። ማሽኑ ደጋግሞ ሞከረና ተወው፤ ቀዝቃዛውን አየር ብቻ መንፋት ቀጠለ።

«ማቀጣጠያው ሳይሰነጠቅ አልቀረም» አሉ ሰውየው። «አንቺ ግን መካኒክ ሆነሽ አትጻፊ፤ ያየሽውን ብቻ ጻፊ።»

እሷም ጻፈች፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ስለ ጋቢው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቤዝመንቱ ሂተር ከማክሰኞ ጃንዋሪ 14 ማታ ጀምሮ አያሞቅም። ቴርሞስታቱ 70 ላይ ነው፤ ዛሬ ጠዋት የቤቱ ሙቀት ግን 57 ዲግሪ ነበር። ማራገቢያው ይሠራል፤ የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ነው። ፊልተሩ ንጹሕ ነው፤ ብሬከሩም አልወረደም። በመስታወቱ በኩል ሲታይ ማቀጣጠያው አይግልም። የጋዝ ሽታ የለም። የቴርሞስታቱንና የማሽኑን የሞዴል ቁጥር ፎቶ ልኬልዎታለሁ። ነገ ዓርብ በአሜሪካ ሰዓት ከቀኑ 3 ጀምሮ ቤት አለሁ፤ ከዚያ በፊት ከሆነ የላይኛው ጎረቤታችን በር ይከፍታሉ። እባክዎ በየትኛው ቀን እንደሚጠገን ዛሬ ማታ ሊያሳውቁኝ ይችላሉ? አክባሪዎ።»

ጋሼ እንዳነበቡት ደወሉ። «ውይ ልጄ፣ ለካ ሂተሩ ነው!» አሉ። መልእክቱን ከነፎቶው ለሠራተኛው አስተላለፉለት። ሠራተኛው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሲመጣ ለዚያ ሞዴል የሚሆነውን ማቀጣጠያ ይዞ ነበር፤ ልጁ መክሰሱን በልቶ ሳይጨርስ ቤቱ መሞቅ ጀመረ።

ጋቢውን ያመጡት ሰውዬ አልሰነፉም፣ አልሰሰቱምም። የተነገራቸውን ሰምተው ለተነገራቸው ነገር መልስ ሰጡ። በመጀመሪያው መልእክት ውስጥ ሂተር የሚል ቃል የለም፤ የተበላሸበት ቀን የለም፤ የጥገና ጥያቄም የለም። «ሲመችዎት» የሚለው ደግሞ አክብሮት ቢመስልም ሥራ የበዛበትን ሰው ምንም ቀን እንዲቆርጥ አያደርገውም። ቀን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ለሠራተኛ የሚደውሉት፣ ሒሳብ የሚከፍሉት ባለቤቱ ናቸው፤ «ዓርብ» ብለው ሊወስኑ የሚችሉትም ስለ ዓርብ ሲጠየቁ ነው።

ከማስታወሻው ሁሉ ትልቁን ሥራ የሠራው «ማራገቢያው ይሠራል፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነው» የሚለው ነው እላለሁ። ማሽኑ ጭራሽ ድምፅ ባያሰማ ኖሮ ጥርጣሬው ወደ ቴርሞስታቱ፣ ወደ ብሬከሩ ወይም ወደ ማሽኑ በር ማብሪያ ይሄድ ነበር። እየነፋ አለማሞቁ ግን ኤሌክትሪክ እንዳለ፣ የጠፋው እሳቱ እንደሆነ ይናገራል። «ሂተር ተበላሽቷል» ብቻ ተብሎ የተጠራ ሠራተኛ ባዶ እጁን መጥቶ አይቶ ይመለሳል፤ ዕቃውን ገዝቶ እስኪመጣም ሌላ የብርድ ሌሊት ያልፋል። ሰዓቱን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መጻፏም ተገቢ ነው፤ በአማርኛ «3 ሰዓት» ብላ ብትተወው ጋሼ ሠራተኛውን ጠዋት ሊልኩት ይችሉ ነበር።

እኅቷ ያቀበለቻት መልእክት መብትን ይዞ በር የሚዘጋ ነው። የከተማው ደንብ ከኦክቶበር 1 እስከ ሜይ 1 ድረስ፣ በአሜሪካ ሰዓት ከጠዋቱ 6:30 እስከ ማታ 11 ቢያንስ 68 ዲግሪ፣ ሌሊት ደግሞ 65 ዲግሪ ሙቀት ይጠይቃል፤ 57 ከዚህ በጣም ይርቃል። ታዲያ ደንቡን በመጀመሪያው ማስታወሻ መጥቀስ አላስፈለጋትም፤ ቀኑና ፎቶው በእጇ አሉ። ባለቤቱ ዝም ቢሉ ወይም የተናገሩት ቀን ቢያልፍ፣ ያንኑ ማስታወሻ ይዛ 311 ደውላ የቤት ተቆጣጣሪ ማስጠራት ትችላለች። ኪራይ መያዝ ግን ሌላ ጣጣ ነው። የሕግ ምክር ሳትጠይቅ ብትይዘው፣ ስለ ሂተሩ ልትከስ ስታስብ ስለ ኪራይ ተከሳሽ ሆና ልትቀርብ ትችላለች።

«የጋዝ ሽታ የለም» የምትለው አጭር ዓረፍተ ነገር ሊያልፏት አይገባም። ሽታ ቢኖር፣ ወይም የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው ቢጮኽ፣ ያን ጊዜ ማስታወሻ አይጻፍም፤ መብራት እንኳ ሳይነኩ ልጅን ይዞ መውጣትና ከውጭ ሆኖ 911 መደወል ነው። ጥገናው እስኪደርስም ቤትን በጋዝ ምድጃ ወይም በኦቭን ማሞቅ አይገባም፤ ሽታ የሌለው መርዝ ቤቱን ሊሞላው ይችላል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ማሞቂያ ካለ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካ፤ ከመጋረጃና ከአልጋ ልብስ አንድ ሜትር ያህል ይራቅ፤ ሰው ሲተኛም ይጥፋ።