የቆመውን ሰዓት ማስነሣት

ሰው ሲሞት ዕቃው ወራሽ ያገኛል፤ የዕቃው ሥራ ግን ሁልጊዜ ወራሽ አያገኝም። ጋቢው ይለበሳል፤ በሬው ይጠመዳል፤ ከዘራው ለሌላ ሽማግሌ ይሰጣል። የእጅ ሰዓቱ ግን ብዙውን ጊዜ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ይገባል፤ በዚያም ይቆማል። ለመሆኑ ሟችን የሚያከብረው ዕቃውን እንደተወው መጠበቅ ነው ወይስ የተወውን ሥራ መቀጠል? ጥያቄው በወሬ ደረጃ ሲነሣ ሁለቱንም አጣምሮ መያዝ የሚቻል ይመስላል። አንዱን ለማግኘት ሌላውን መልቀቅ ግድ የሚሆንበት ሁኔታ መኖሩን የምታሳይ አንዲት አጭር ታሪክ ግን አለች። ታሪኳ ልብ ወለድ ናት፤ በውስጧ ያለው የሰዓት ነገር ግን በማንኛውም በእጅ በሚሞላ ሰዓት ላይ የሚደርስ እውነት ነው።

የታሪኳ ቦታ ከሳነቴ ከፍታ ግርጌ ያለችው፣ የክረምት ሌሊቷ አጥንት የሚሰብረው ጎባ ናት። አያትየው በሕይወት ሳሉ የአንድ ትምህርት ቤት ዘበኛና ደወል መቺ ነበሩ። ደወሉ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ሲሆን፣ ቸርኬውን የሚያዝዘው ደግሞ በግራ እጃቸው ላይ የነበረው አሮጌ የስዊስ ሰዓት ነበር። ሰዓቱ 2 ሲል ልጆች ይሰለፋሉ፤ 4 ሰዓት ከሩብ ሲል ለዕረፍት ይወጣሉ። አንድ ሐምሌ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌው አረፉ። ሰዓቱን ከእጃቸው የፈቱት ሚስታቸው ነበሩ፤ በመስኮቱ ደፍ ላይ አኖሩት። ቀብሩ ካለፈ በኋላ ሲያዩት 11 ሰዓት ከ20 ላይ ቆሟል። ቤተሰቡም ሰዓቱ ከባለቤቱ ጋር ሞተ አለ፤ ቃሉም እየተደጋገመ የቤቱ እምነት ሆነ። ሰዓቱም 12 ዓመት ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ።

ሰዓቱን ከሣጥን ያወጣችው የልጅ ልጃቸው ናት። የፊዚክስ መምህርት ሆና ተመርቃ ወደ ጎባ ስትመለስ፣ አያቷን አስፈቅዳ በገበያው ዳር የመስታወት ሣጥን ዘርግተው ወደሚቀመጡ አንድ አሮጌ ሰዓት ሠሪ ወሰደችው። እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች ዛሬ ብዙ አይደሉም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ሴይኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በባትሪ የሚሠራውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ ካቀረበ ወዲህ፣ የሰዓት ሠሪ ሥራ በየአገሩ እየጠበበ ሄዶ አብዛኛው ባትሪ መቀየርና ማሰሪያ ማሳጠር ሆኗል። ሽማግሌው ሰዓቱን በመዳፋቸው ይዘው ጥቂት አሞቁት፤ ቀጥሎም በቀስታ ዞር ዞር አደረጉት። ሰዓቱ ጥቂት መታ፤ ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ፤ ወዲያውም ዝም አለ። ከዚያ መሙያውን በሁለት ጣታቸው ነካ አድርገው ሳያዞሩ ለቀቁት።

«ልጄ፣ ይህ ሰዓት አልተሰበረም። አልቆበትም አይደለም የቆመው። እንደ ሞላ ነው።»

ይህ አባባል ሊብራራ ይገባዋል። በእጅ በሚሞላ ሰዓት ውስጥ ከበሮ በመሰለ ትንሽ ቤት የተጠቀለለች ቀጭን የብረት ጥብጣብ አለች፤ ሞላ የምትባለው እርሷ ናት። (ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ነገር ግን «ሰዓቱ ሞላ» ከሚለው የአማርኛ ግሥ ጋር እንዲህ መገጣጠሙ ደስ የሚል አጋጣሚ ነው።) ሰው መሙያውን ሲያዞር የጣቱ ጉልበት ወደ ሞላዋ ይገባል፤ ሞላዋም ያን ጉልበት በጥርሳም መዘውሮች በኩል በጥቂት በጥቂቱ ታወጣለች። በብዙ አሮጌ ሰዓቶች የመዘውሮቹ መጨረሻ በሴኮንድ አምስት ጊዜ ይመታል፤ አንድ ሙሉ ሙሌትም 36 ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ጉልበቱ ተሟጦ የቆመ ሰዓት መሙያው ሲነካ ልል ነው። ይህኛው ግን ጠጣር ነበር፤ ጉልበቱ ገና በውስጡ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ቆመ? ብዙ ሰው «ከልክ በላይ ተሞልቶ ነው» ይላል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። ሞላ እስከ ልኳ ብትሞላ ተፈጥሮዋ ነው። ሰዓቱን የያዘው በመዘውሮቹ ዘንጎች ጫፍ ላይ ያለው ዘይት ነበር። ዘይት ከዓመታት በኋላ ይደርቃል፤ እንደ ሰም ይወፍራል፤ ብርድ ሲያገኘው ደግሞ ይብስበታል። የሽማግሌው ሰዓት ሳይታጠብ ብዙ ዓመት ቆይቶ ኖሮ፣ ሲሄድ የነበረው በሰው ገላ ሙቀትና በእጅ እንቅስቃሴ እየተረዳ ነው። ከእጃቸው ሲፈታና በጎባ የሐምሌ ንጋት በመስኮት ደፍ ላይ ሲቀመጥ ሙቀቱን አጣ፤ ዘይቱ ጠጠረ፤ መዘውሮቹ ተያዙ። ስለዚህ ቤተሰቡ ለ12 ዓመት «ከባለቤቱ ጋር ሞተ» ሲል የኖረው ነገር ከንቱ እምነት ሆኖ አልተገኘም። ሰዓቱ የቆመው በእርግጥ የሽማግሌው ገላ ስለ ቀዘቀዘ ነው። የነገርን ምክንያት ማወቅ ምሥጢሩን ይገድላል ለሚሉ ሰዎች ይህ መልስ ሊሆናቸው ይችላል።

ሆኖም ምክንያቱ ሲታወቅ ከዚያ በፊት ያልነበረ ችግር ተፈጠረ። ሰዓት ሠሪው ለመፍታት ከመጀመራቸው በፊት ሞላዋን ማስለቀቅ አለባቸው። ሞላዋ እንደ ተወጠረች መዘውሮቹን የነካ እንደሆነ፣ ኃይሏ ባንድ ጊዜ ፈንድቶ ጥርሶችን ሊሰብር ይችላል። ለዚህም ሥርዓት አለው፤ መሙያው በሁለት ጣት ይያዛል፤ ሞላዋ ወደ ኋላ እንዳትፈታ የምትይዘው ትንሽ ብረት በተሾለ እንጨት ገለል ትደረጋለች፤ ከዚያም መሙያው በጣቶቹ መካከል በቀስታ ወደ ኋላ እንዲንሸራተት ይፈቀድለታል። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ደነገጠች። በሞላዋ ውስጥ ያለው ጉልበት የማን ነው? አያቷ በመጨረሻዋ ምሽት በጣታቸው ያስገቡት ነው። ያን ሌሊት ያልተበላው ቅሪት 12 ዓመት ሙሉ ታስሮ ተቀምጧል። ሰዓቱን ለማስነሣት ይህን መልቀቅ ያስፈልጋል፤ አንዴ ከተለቀቀ ደግሞ ማንም አይመልሰውም።

ሰዓቱን ሳታሠራ ይዛ ተመለሰችና ለአያቷ ነገረቻቸው።

«እማማ፣ የሞሉት ገና አልወጣም አሉኝ።»

አሮጊቷ ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፣ «የእጁ ጉልበት እዚያ ውስጥ አለ ነው የምትዪኝ?» አሉ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ይኼን ሁሉ ዓመት?»

የሥነ ምግባሩ ጥያቄ እዚህ ላይ ክብደቱን ያገኛል። አንድ ሰው ሊል ይችላል፤ ብረት ብረት ነው፤ ጉልበትም ስም አይጻፍበትም። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን በቂ አይደለም። ፎቶግራፍ የሰውን መልክ፣ ፊርማ የእጁን ዱካ ይይዛል፤ ይህች ሞላ ግን የያዘችው ያልተፈጸመ ሥራውን ነው። ሽማግሌው ያን ምሽት ሰዓቱን የሞሉት ለመታሰቢያ አልነበረም፤ ለነገው ደወል ነበር። ስለዚህ «እንደተወው ይቀመጥ» የሚለው አሳብ ሲመረመር አንድ ጉድለት ይታይበታል፤ ሽማግሌው ሰዓቱን እንዲቆም አድርገው አልተዉትም። እንዲሄድ አድርገው ነው የተዉት። ያቆመው ብርዱ ነው። መቆሙን መጠበቅ የብርዱን ሥራ መጠበቅ ይሆናል።

አሮጊቷ እንዲህ ያለ ሙግት አልሞገቱም። በማግስቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ከልጅ ልጃቸው ጋር ወደ ገበያው ዳር ወረዱ። ሰዓት ሠሪው የጀርባውን ክዳን ሲከፍቱ በውስጠኛው ገጽ ላይ በመርፌ የተጫሩ ጥቃቅን ምልክቶች ታዩ። ሰዓት ሠሪዎች ሥራቸውን እንዲህ ምልክት የማድረግ ልማድ አላቸው። ሦስት ነበሩ፤ የእያንዳንዱ እጅ ጽሕፈት የተለያየ ነው። ሰዓቱ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተከፍቶ ታጥቧል ማለት ነው። ማንም ያልነካው የመሰላቸው ዕቃ እየተነካ የኖረ ነበር። ፕሉታርክ የመዘገበው የአቴናውያን ጭቅጭቅ፣ ሳንቃው አንድ በአንድ የተለወጠ የቴሴዎስ መርከብ ያው መርከብ ነው ወይስ ሌላ የሚለው፣ በዚህች ክዳን ላይ አጭር መልስ ያገኘ ይመስላል። የሽማግሌው ሰዓት እየታደሰ የኖረው ራሳቸው ስላሳደሱት ነው።

«መሙያውን እኔ ልያዝ» አሉ አሮጊቷ።

ሰዓት ሠሪው አልተቃወሙም። አያያዙን አሳዩአቸው፤ ልጅቷ በተሾለው እንጨት ያችን ትንሽ ብረት ገለል አደረገች። መሙያው በአሮጊቷ ጣቶች መካከል እየገፋ ወደ ኋላ ሄደ፤ ያዝ ያደርጉታል፣ ይለቁታል፣ ደግሞ ይይዙታል። ልጅቷ በልቧ ቆጠረች፤ 21 ጊዜ። ከዚያ በኋላ ጣቶቻቸውን የሚገፋ ነገር አልነበረም።

የቀረው ተራ ሥራ ነው፤ ቢሆንም ተራ ሥራ በጥንቃቄ ካልተሠራ ሰዓት አይነሣም። ሰዓት ሠሪው በወረንጦና በደቃቃ ካቻቢቴ እያንዳንዱን መዘውር አወጡ፤ በነጭ ቤንዚን አጠቡ፤ ዘንጎቹ የሚገቡባቸውን የሩቢ ቀዳዳዎች በተሾለ እንጨት ጠረጉ። እንጨቱ ቡናማ ሆኖ ሲወጣ ጥፋተኛው ዘይት በዓይን ታየ። ሞላዋ ከቤቷ ወጥታ ስትለቀቅ ሰፊ ሆና መዘርጋት ሲገባት ተጨማትራ ቀረች፤ ይህ የድካም ምልክት ነው። ስለዚህ ከሌላ የሞተ ሰዓት በወጣች ሞላ ተተካች። ልጅቷ አሮጌዋን በወረቀት ጠቅልላ ለአያቷ ብትሰጣቸው አልተቀበሏትም። «የርሱን እኔ ተቀብያለሁ» አሉ። አዲሱ ዘይት በመርፌ ጫፍ፣ ዓይን በማያያት ጠብታ ተቀባ፤ መብዛቱ ከማነሱ የከፋ ነውና። የክዳኑና የመስታወቱ ጭረት ግን እንዳለ ቀረ። ሰዓት ሠሪው ሊወለውሉት ቢጠይቁ ልጅቷ ከለከለች፤ ተገቢም ነበር፤ ጭረቱ ሰዓቱ እንዳይሄድ አላገደውም።

ሰዓቱ ሲሞላ 28 ዙር ወሰደ። ልጅቷም ቁጥሩን በወረቀት ላይ ሠራችው። ከ28ቱ 21 ከቀረ የተበላው 7 ነው፤ ሩብ። የ36 ሰዓት ሩብ 9 ሰዓት ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ20 ወደ ኋላ 9 ሰዓት ቢቆጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ20 ይሆናል። አሮጊቷ ይህን ሲሰሙ ሳቁ፤ ሽማግሌው ሰዓታቸውን የሚሞሉት ሁልጊዜ የማታው የሬዲዮ ዜና እንዳለቀ ነበር።

በሳምንቱ ሰዓቱ በቀን ሦስት ደቂቃ እየቀደመ መሄዱ ታወቀ። ልጅቷ ስትነግራቸው አሮጊቷ፣ «ዱሮም ይቀድም ነበር፤ ተዪው፣ እንደርሱ ይሁን» አሉ። ልጅቷ አመነታች። ከዚያ ግን አያቷ ዜናው ሊጀምር ሲል ምን ያደርጉ እንደነበር ጠየቀቻቸው። «ወደ ኋላ ይመልሰው ነበራ» አሉ አሮጊቷ፣ «በየማታው፤ ልጆቹ ቀድመው ተደውሎባቸው በብርድ እንዳይቆሙ።»

በማግስቱ ልጅቷ ሰዓቱን ይዛ ወደ ገበያው ዳር ወረደች። ሰዓት ሠሪው ክዳኑን ከፈቱና የማስተካከያዋን ቀስት በእንጨቱ ጫፍ ወደ ዝግታው ምልክት አንድ ፀጉር ያህል ገፉአት።