የደግነት ኮከብ ለማን ይለጠፍ?

በክረምቱ የልጆች ትምህርት የደግነት ሳምንት ልታካሂዱ አስባችኋል እንበል። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ አንድ መልካም ሥራ፤ ለሠራ ልጅ አንድ ኮከብ። ግን ግድግዳው ላይ የማን ስም ይጻፋል?

የተለመደው የልጆቹን ስም መደርደር ነው። ረቡዕ ላይ ተመልከቱ፦ ወንበር የሚያነሣው ይበዛል፤ ያውም አስተማሪው ሲገባ። ቤት ውስጥ የታመመች እናቱን ሲያስታምም ያደረ ልጅ ግን ያየው ስለሌለ መስመሩ ባዶ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 ቫርኔከንና ቶማሴሎ የተባሉ ተመራማሪዎች በ20 ወር ሕፃናት ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ዕቃ የወደቀበትን ሰው ከረዱት ለአንዳንዶቹ መጫወቻ ተሰጣቸው፤ ሌሎቹ ተመሰገኑ፤ ለቀሩት ምንም አልተደረገም። በኋላ ሽልማቱ ሲቀር፣ መጫወቻ ያገኙት መርዳታቸው ቀነሰ። ምስጋና ግን አልጎዳም።

«ታዲያ ማቴዎስ 6 ሰንጠረዡን ይከለክላል?» ትሉ ይሆናል። አይመስለኝም፤ የሚያስጠነቅቀው ለመታየት ብሎ ስለማድረግ ነው። ስለዚህ ስሙን አውጡት። አንድ ትልቅ ዛፍ ሣሉ፤ ልጁ ያደረገውን ሳይሆን የተደረገለትን በወረቀት ቅጠል ላይ ጽፎ ይለጥፍ፣ ያድራጊውን ስም ሳይጠቅስ። መቁጠሩ አይቀርም፤ የሚቆጥረው ግን ተቀባዩ ነው።

መጻፍ ለማይችሉት እናንተ ጻፉላቸው። እስከ ሐሙስ አንድም ቅጠል ያልለጠፈ ልጅ ካለ፣ ምናልባት ማንም ዞር ብሎ ያላየው እርሱ ነውና ዓርብ ጠዋት አጠገቡ ተቀመጡ።