ለሬዲዮ አዘጋጇ ልጄ፦ ስለ ፈቃድ መጠየቂያ ደብዳቤሽ

ውድ ልጄ፣

የላክሽልኝን ረቂቅ ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። በ1977 ዓ.ም ከወሎ ተነስተው በሰፈራ ወደ መተከል የሄዱት፣ እስከ ዛሬም ፓዌ የሚኖሩት ሼህ የነገሩሽን ታሪክ በሬዲዮ ለማስተላለፍ ፈቃዳቸውን የጠየቅሽበት ነው። አማርኛው ያምራል፤ አክብሮቱም ከልብ የመነጨ ነው። እንዳለ ቢደርሳቸው ግን "እሺ ልጄ" ብለው ይሰጡሻል። እኔን ያሰጋኝም ይኸው እሺታ ነው።

"ታሪክዎን በጣቢያችን ለማስተላለፍ እንዲፈቅዱልን በትሕትና እንጠይቃለን" ትያለሽ። የትኛውን ታሪክ? የቀዳሽው ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፤ አየር ላይ የምታውዪው ሃያ ስምንት ደቂቃ ነው። ከሁለት ሰዓቱ ምኑን እንደ ቆረጥሽ፣ ምኑን እንዳስቀረሽ እሳቸው አያውቁም። ያን ቀን ያወሩት ቤታቸው ለመጣች አንዲት ልጅ ነው፤ ቡና እየተፈላ፣ የልጅ ልጆች እየገቡ እየወጡ። አሁን የምትጠይቂያቸው ያንኑ ነገር የጎረቤት ጉሙዝ፣ ደሴና ወልድያ የቀረ ዘመድ፣ የያኔው የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ልጆች፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲሰሙት ነው። ለመቅዳት የፈቀደ ሰው ለማሰራጨት ፈቅዷል ማለት አይደለም። ደብዳቤውም መጻፍ ያስፈለገው ሁለቱ ስለሚለያዩ ነው።

ስለዚህ ከደብዳቤው በፊት የተቆረጠው ፕሮግራም ይላክላቸው። የመጨረሻው ቅንብር ይሁን፣ ሙዚቃውም መግቢያሽም ገብቶበት። አዘጋጅ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ የአንድ ሰው ንግግር ትርጉሙ የሚለወጠው በራሱ ቃል ብቻ ሳይሆን ከፊቱና ከኋላው በሚገባው ነገር ጭምር መሆኑን ነው። ሼሁ ስለ ሰፈሩበት መሬት ሲናገሩ አንቺ የሐዘን ዋሽንት ካስገባሽበት፣ ያላሉትን አስብለሻቸዋል። ይህንን በደብዳቤ ልታስረጂ አትችዪም፤ ማሰማት ነው። በሚሞሪ ካርድ አድርጊና በልጃቸው ስልክ ይስሙት። ፍላሽ ብትልኪ የሚሰካበት ላይኖር ይችላል።

አሁን ወደ ሃያ ስምንቱ ደቂቃ ልምጣ። የላክሽውን ሰምቼዋለሁ፤ ሦስት ቦታ ላይ አቁሜዋለሁ።

የመጀመሪያው ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ነው። ለሰፈራ የሚሄዱትን የመዘገበውን የገበሬ ማኅበር ሰው በስሙ ይጠሩትና የጠላውን እየመረጠ ጻፈ ይላሉ። እውነት ሊሆን ይችላል። ያ ዘመቻ ኅዳር 1977 ተጀምሮ በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ስድስት መቶ ሺህ የሚጠጋ ሰው ያንቀሳቀሰ ነው፤ ኮታ ለመሙላት በግድ የተወሰዱ ብዙዎች እንደ ነበሩ በብዙ አንደበት ተነግሯል። ይህ ሰው ግን በሕይወት ይኑር አይኑር አናውቅም፤ ቢኖርም አልጠየቅነውም። የሼሁ ፈቃድ ስለ ራሳቸው ነው፤ ስለ እሱ ሊፈቅዱልን አይችሉም። ስሙ ይውጣ፣ ሥልጣኑ ይቆይ። ስታወጪውም "ጢጥ" የሚል ድምፅ አትተኪበት። ያ ድምፅ አድማጩን "ማን ይሆን?" ብሎ እንዲመራመር ይጋብዘዋል። ከትንፋሽ እስከ ትንፋሽ ቁረጪው፣ ዓረፍተ ነገሩ "መዝጋቢው" ካለበት ይቀጥል።

ሁለተኛው አሥራ አንደኛው ደቂቃ ነው። ሰው በአንቶኖቭ ከመጫኑ በፊት በመጠለያው ሳለ አንዲት እናት ሕፃኗን ለሌላ ሴት ሰጥታ እንደ ሄደች ይናገራሉ። የሴትየዋን ስም አልጠሩም፤ ግን የማን እኅት እንደሆነች፣ ከየት ቀበሌ እንደመጣች ተናግረዋል። ለመንደሩ ሰው ከዚህ በላይ ስም የለም። ያ ሕፃን ዛሬ አርባውን ያለፈ ጎልማሳ ነው፤ ምናልባትም ይህንን ነገር በሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሰማው ነው። በዚህ ቦታ የምመክርሽ ሼሁን እንድትጠይቂያቸው ነው፤ እሳቸው ይነገር ቢሉ እንኳ የዘመዷ ፈቃድ እስኪገኝ ድረስ ዝምድናውንና ቀበሌውን አውጪው።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደው ነው። ወደ መጨረሻው ሲደርሱ ስለ መሬቱ ይናገራሉ፤ ጫካ እንደነበር፣ ትራክተር ሲገባ ጉሙዞች ወደ ኋላ ወደ ኋላ እንዳፈገፈጉ፣ በኋላም ማር ይዘው መጥተው በጨው እንደለወጡ። ረጅም ነው፤ ውብም ነው። አንቺ ግን ሃያ ስምንት ደቂቃ እንዲሞላልሽ "ጫካ ነበር"ን አስቀርተሽ "ወደ ኋላ አፈገፈጉ"ን ቆርጠሻል። በዚያ ቅንብር ሼሁ መሬቱ ባዶ ነበር ያሉ ይመስላሉ። በ2013 ዓ.ም በመተከል ሰው በማንነቱ ምን እንደደረሰበት የሚያስታውስ አድማጭ ይህንን እንዴት እንደሚሰማው አስቢ። መዘዙ አንቺ ላይ አይመጣም፤ አንቺ አዲስ አበባ ነሽ። መንደራቸው ውስጥ ከጉሙዝ ጋር በአንድ ገበያ የሚውሉት እሳቸው ናቸው። ያ ክፍል ወይ ሙሉውን ይግባ፣ ወይ ሙሉው ይውጣ። ምርጫውም በደብዳቤው ላይ በግልጽ ይቅረብላቸው።

ስማቸውን ባንጠራውስ ብለሽ ጽፈሽልኛል። ድምፃቸው ስማቸው ነው፤ ፓዌ ውስጥ ያንን ሳልና ያንን የወሎ ቃና የማያውቅ የለም። ስም መደበቅ ለሩቅ ሰው ይሠራል፤ ለጎረቤት ምንም አይጠቅምም። እንዲያውም "ስምዎ አይጠቀስም" ብለሽ ከጻፍሽ ያልሆነ መከታ የሰጠሻቸው ይመስላቸዋል። እውነቱን ጻፊላቸው።

ስለ ፊርማው ደግሞ። ሼሁ ቁርኣን ይቀራሉ፣ የአማርኛ ፊደል ግን አያውቁም ብለሽኛል። ወረቀቱ ላይ አውራ ጣታቸውን ቢያትሙ ነገሩ ያለቀ እንዳይመስልሽ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1728 ማንበብ የማይችል ሰው ውል ላይ የሚያኖረው ምልክት በውልና ማስረጃ ሹም፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ሽማግሌ ወደ ጽሕፈት ቤት ማመላለስ አይገባም። ከአሻራ ይልቅ ድምፅ ይሻላል፤ ደብዳቤው ይነበብላቸው፣ በራሳቸው አባባል መልሰው ይናገሩት፣ ቀኑና የተገኙት ሰዎች ይጠሩ፣ ይህ ሁሉ ይቀዳ። ያ ቅጂ ከፕሮግራሙ ጋር አንድ ላይ ይቀመጥ።

የሚያነበው ሰው አንቺ እንዳትሆኚ። የመጣሽ እንግዳ ነሽ፤ በአገራችን እንግዳን ፊት ለፊት "አይሆንም" ማለት ከባድ ነው፤ ይሉኝታው ይይዛቸዋል። ልጃቸው ወይም የሚያምኑት ጎረቤት ያንብብ፤ አንቺ ከመንደሩ ውጪ፤ መልሱም ከጁምዓ በኋላ፣ ቤተሰቡ ከመከረበት በኋላ፣ በልጃቸው በኩል ይምጣ። አበልና የትራንስፖርት ገንዘብ የምትሰጪ ከሆነ መልሱ ከመጣ በኋላ ይሰጥ እንጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አብሮ አይሂድ።

እኔ ብጽፈው እንዲህ ነበር የምጽፈው፤ እንደ ፈለግሽ አስተካክዪው።

"ለተከበሩ አባታችን፣ አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ከረሙ? ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ አዝመራው እንደምን ነው? በጥር ወር ቤትዎ ድረስ መጥቼ ከወሎ ወደ ፓዌ የመጡበትን ታሪክ ያጫወቱኝ፣ ድምፅዎንም የቀዳሁ ነኝ። ያን ጊዜ የጠየቅሁዎ ለመቅዳት ብቻ ነበር። አሁን የምጠይቅዎ ሌላ ነገር ነው።

ካጫወቱኝ ውስጥ ሃያ ስምንት ደቂቃ ያህሉን በሬዲዮ ለማሰማት አስቤያለሁ። የሚተላለፈውን እንዳለ በሚሞሪ ካርድ ልኬልዎታለሁ፤ እባክዎ መጀመሪያ እሱን ይስሙት። የመዝጋቢውን ስም አውጥቼዋለሁ። ስለ እናትየዋና ስለ ሕፃኑ የተናገሩት ዘመዶቿን ሊያስታውቅ ስለሚችል፣ ዝምድናዋንና ቀበሌዋን አውጥቼዋለሁ፤ የቀረውም ይቅር ካሉኝ ይቀራል። ስለ መሬቱና ስለ ጉሙዞቹ የተናገሩትን ሳልቆርጥ አስገብቼዋለሁ፤ ይህም ይውጣ ካሉ ሙሉው ይወጣል። ስምዎን ባንጠራም በድምፅዎ የሚያውቅዎ ሰው እንደሚያውቅዎ ልነግርዎ እወዳለሁ።

ፕሮግራሙ አንድ ጊዜ ይተላለፋል፣ በሳምንቱም ይደገማል። በቴሌግራምና በዩቲዩብ ላይ ማስቀመጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ከገባ ሰው ቀድቶ ስለሚያስቀረው እንመልሰው ብንል አንችልም። ስለዚህ ለሬዲዮው ፈቅደው ለዚያ ላይፈቅዱ ይችላሉ። ከመተላለፉ በፊት በማንኛውም ቀን ሐሳብዎን ቢለውጡ ይቀራል፤ ምክንያት አልጠይቅዎም። ወደፊት እርስዎን ማግኘት ባልችል ስለዚህ ቀረጻ ከቤተሰብዎ ማንን ልጠይቅ? ስሙን ይንገሩኝ።

አይሆንም ቢሉኝ ቀረጻው ከነካርዱ ለእርስዎና ለልጆችዎ ይሆናል፤ ወዳጅነታችን እንዳለ ነው። ልጅዎ፣ የሬዲዮ አዘጋጇ።"

የጉዳዩን ክብደት የያዘው ስለ ቴሌግራሙና ዩቲዩቡ ያለው አንቀጽ ነው። በሬዲዮ የተላለፈ ነገር የሰማው ሰምቶ ያልሰማው ቀርቶ ያልፋል፤ ኢንተርኔት ላይ የተጫነ ግን ከነገ ወዲያ የሰላሳ ሰከንድ ቁራጭ ሆኖ ሌላ ርእስ ተለጥፎበት ይዞራል። ለሁለቱ አንድ እሺታ አትቀበዪ። ስለ ወራሽ የሚጠይቀው ዓረፍተ ነገርም እንዳይቀር፤ ሼሁ ካለፉ በኋላ ሦስት ልጆች ሦስት የተለያየ መልስ ሰጥተው ቀረጻው ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር ነው።

መልሱ በከፊል ከመጣ፣ ማለትም ስለ መሬቱ ይውጣ ካሉ፣ ሃያ ስምንቱ ወደ አሥራ ዘጠኝ ይወርዳል። የጎደለውን ዘጠኝ ደቂቃ ከሁለቱ ሰዓት ሌላ ነገር ቆርጠሽ አትሙዪው፤ ያንን አልሰሙትም፣ አልፈቀዱትምም። ለጣቢያው ፕሮግራም ኃላፊ አሁኑኑ ንገሪው፤ ሰዓቱን አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ አድርጎ ይያዝልሽ፣ ቀሪው በስቱዲዮ ውይይት ይሸፈን። የስርጭቱንም ቀን መልሱ ከልጃቸው እጅ እስኪደርስሽ ድረስ በማስታወቂያ አታስነግሪ።