ባለሱቁ ያልጻፈው

የሱቅ የዋጋ ዝርዝር የሚጻፈው ለሚያውቅ ሰው ነው። ባለሱቁ ካርቶን ቀዶ «ዘይት 5ሊ 1350» ብሎ ይጽፋል። ከሥሩ ሁለት ትንንሽ ጭረት አድርጎ «3ሊ 840»፣ አሁንም ጭረት አድርጎ «1ሊ 290» ይላል። ጭረቶቹ «እንደ ላይኛው» ማለት እንደሆኑ ለሱቁ ልጅ መንገር አያስፈልግም። ይህን ካርቶን በስልክ አንስቶ ወደ ኤክሴል የሚገለብጥ ሰው ግን የሚያዘጋጀው ሱቁን ለማያውቅ አንባቢ ነውና፣ ወረቀቱ በዝምታ ያለፈውን ሁሉ መጻፍ አለበት።

ብዙ ጊዜ ዝርዝሩ ሁለት ዓምድ ብቻ ያለው ይመስላል፤ ዕቃና ዋጋ። ቀረብ ብለው ሲያዩት አራት ነው። «ዘይት» አንድ፣ «5» ሁለት፣ «ሊትር» ሦስት፣ «1350» አራት። መጠኑና መለኪያው አንድ ሴል ውስጥ ተጣብቀው «5ሊ» ከሆኑ ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ስለሚቆጥራቸው ስሌት አይሠራባቸውም። «1350 ብር» ተብሎ ከተጻፈም እንደዚያው ነው። ቁጥር ሴሉ ውስጥ ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ወደ ግራ፤ በዋጋው ዓምድ ወደ ግራ የተጠጋ ካለ እዚያ ችግር አለ ማለት ነው። ጭረቶቹም በየረድፉ «ዘይት» ተብለው መሞላት አለባቸው፤ ሰንጠረዡ በዋጋ ቅደም ተከተል የተደረደረ ዕለት «ከላይ» የሚባል ነገር አይኖርምና።

«ፓስታ 65 / 1240» የሚል መስመር ይመጣል። ሁለተኛው ቁጥር አዲሱ ዋጋ ይሆን? ወይስ የሌላ ዓይነት ፓስታ? ፎቶው አይመልስም። «ጋሼ፣ ይቺ 1240 የምን ናት?» ብሎ መጠየቅ ነው። «የካርቶኑ ነዋ፤ ሃያ ይይዛል» ይላሉ። በወረቀቱ ላይ አንድ የነበረው መስመር በሰንጠረዡ ሁለት ረድፍ ይሆናል፤ 1 ፓኬት በ65፣ 20 ፓኬት በ1240። ሃያ የሚለው ቁጥር ካርቶኑ ላይ የትም አልተጻፈም፤ የነበረው በባለሱቁ ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ከዚያ ማመሳከር አለ። መጠን በቢ፣ ዋጋ በዲ ዓምድ ከሆነ፣ ከጎን የአንዱን ዋጋ የሚያወጣ ዓምድ እጨምራለሁ፦

```
=D2/B2
```

ዘይቱ በሊትር 270፣ 280 እና 290 ይወጣል። ትልቁ ዕቃ በሊትር ረከስ ይላል፣ ትንሹ ወደድ፤ የሱቅ ወግ ነው። ስምንቱ በችኮላ ተጽፎ 840ን 340 ብዬ አንብቤው ቢሆን መሃሉ ላይ 113 ይመጣና ራሱን ያጋልጣል። ፓስታውም 65 እና 62 ሲሆን የሃያው ነገር ልክ እንደሆነ ይታያል። ምስር ክክ «1/2 ኪሎ 100» ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። 1/2 ብለን ከጻፍን ኤክሴል ቀን ያደርገዋል፤ ቀን ደግሞ ከውስጥ ከአርባ ሺህ የሚበልጥ ቁጥር ስለሆነ የኪሎው ዋጋ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ ምናምን ይሆናል። 0.5 ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ ኪሎው 200 ይወጣል።

ይህ ማመሳከሪያ የማይደርስበት ቦታም አለ። የአንድ ኪሎው ምስር 180 ተሰርዞ ከላዩ በቀጭኑ 195 ይሁን 196 የማይለይ ቁጥር ቢጻፍ፣ ሁለቱም ከግማሽ ኪሎው ጋር ይስማማሉ። ሒሳቡ ትልቁን ስህተት ይይዛል፤ ትንሹን ያሳልፋል። የተሰረዘው 180 በማስታወሻ ዓምድ «የድሮ ዋጋ» ተብሎ ይቀመጥ። ረድፎቹም በወረቀቱ ተራ ይቆዩ፤ ፎቶውን ከጎን ከፍቶ ከላይ ወደ ታች በጣት እየተከተሉ ማስተያየት የሚቻለው ያኔ ነው።

የማይነበበውን ዋጋ ግን ባዶ እተወዋለሁ፤ በማስታወሻውም «ይጠየቅ» ብዬ እጽፋለሁ። ሰንጠረዥ ሁሉንም ቁጥር በአንድ ዓይነት ንጹሕ ፊደል ስለሚያሳይ፣ በእርግጠኝነት የተነበበውና በግምት የገባው በመልክ አይለያዩም። በወረቀቱ ላይ የተንቀጠቀጠችው አኃዝ ቢያንስ አጠራጣሪነቷን ታሳይ ነበር። ባዶውን ሴል ያየ ሰው ባለሱቁን ይጠይቃል፤ የተገመተውን ቁጥር ያየ ግን ይከፍልበታል።