ልብ ካላየ ዓይን አያይም

«ልብ ካላየ ዓይን አያይም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ፊቱ ያለውን ነገር ሳያስተውል ሲያልፍ ነው። እኔ ይህን ተረት የምፈትነው ለወዳጅ ስጦታ በሚታሰብበት ጊዜ ነው። አብረናት ቡና የምንጠጣ ሴት የነጠላዋ ጥለት ምን ዓይነት እንደሆነ ድንገት ብንጠየቅ ብዙዎቻችን መልስ የለንም። ዓይናችን ግን በየቀኑ አይቶታል።

ራሷን ጠይቆ መግዛትም አይሆንም። «ምን ላምጣልዎት?» የተባለች እናት «እኔ ምን ጎድሎኝ፣ አንቺ ብቻ በሰላም ነይልኝ» ትላለች። ከልቧ ነው የምትለው፤ ለገዢ ግን የሚይዘው ፍንጭ የለውም።

ዋሽንግተን የምትኖር የአጎቴ ልጅ ለፋሲካ ስትመጣ ላሳደገቻት አክስታችን ነጠላ ልትገዛ አሰበች። ሽሮ ሜዳ ነጠላ ሞልቷል፤ ጭንቁ የቱን እንደሚወስዱ ማወቅ ነው። አክስታችን ቤት አርፋ ስታያት ሁልጊዜ የምትለብሰው ጥቁር ጥለት ያለውን ነው። «ደማቅ ነገር አትወድም» ብላ ደመደመች። ቁምሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ሰፊ ጥለት ያለው፣ ወርቀዘቦ የገባበት ነጠላ ታጥፎ ተቀምጧል። ይህም ግምቷን ያጸናላት መሰለ።

እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ። የተወደደ ልብስ ጠርዙ ይሳሳል፣ እጥፋቱም ይለሰልሳል፤ ያልተወደደው ከሱቅ እንደወጣ እጥፋቱ ደርቆ ይቀራል። ነገር ግን የክት ልብስም እንደዚያው ታጥፎ ነው የሚቀመጠው። ለመለየት ያለፉትን ዓመታት የሠርግና የበዓል ፎቶዎች ማገላበጥ ይበቃል። የአጎቴ ልጅ አገላበጠች፤ ባለወርቀዘቦው አንዱም ላይ የለም። እንግዲህ ለበዓል ተብሎም አልተቀመጠም።

ያለመለበሱን ምክንያት ግን ፎቶ አይናገርም። ስለዚህ ከአክስታችን ጋር አንድ ማኅበር የሚጠጡ ሴት ዘንድ ሄደች። «ምን ትወዳለች?» ብላ አልጠየቀችም። እንዲህ ሲባል ሰው ራሱ የሚወደውን ነው የሚናገረው። የጠየቀችው «እትዬ፣ ያንን ባለወርቅ ነጠላ ለምን አትለብሰውም?» ብላ ነው።

«ትከሻዬን ይጫነኛል ትላለች» አሉ ሴትዮዋ። «ጥቁሩንስ ወዳው መሰለሽ? ባሏ ካረፉ ወዲህ የለበሰችው ነው። ዓመቱ አልፏል፤ ግን ማን አውልቂ ብሏት!»

በኛ ዘንድ ሐዘንተኛን ከጥቁር ልብስ የሚያወጣው ዘመድ ነው፤ አዲስ ልብስ ይዞ ሄዶ፣ ለምኖ ያስለውጣል። ስለዚህ የአጎቴ ልጅ የቀለም ምርጫ ነው ብላ ያየችው የሚጠበቅ ሰው ያለመምጣቱ ምልክት ነበር። ልቧ አይቷል፤ ያየውን ግን በራሱ ተርጉሞታል። ተረቱ የሚጎድለው እዚህ ጋ ይመስለኛል። የሚወድ ልብ ቶሎ ያያል፣ ቶሎም ይፈርዳል። ስለዚህ ከጎኑ አንድ ምስክር ያስፈልገዋል። ምስክሩም ምስጢር የሚጠብቅ፣ ስጦታው የታሰበላት ሴት ሳትጨነቅ የምታወራው ሰው ቢሆን ነው የሚሻለው። ልጆቿ ለዚህ አይሆኑም፤ ልጆች ብዙውን ጊዜ ለእናታቸው የሚያስፈልጋትን እንጂ የምትወደውን አያውቁም።

የነጠላው ቀለም ግን ገና አልታወቀም ነበር። እኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንድ ሠርግ ላይ አክስታችን የሙሽራዋን እናት እያየች «እንዲህ ያለ ውሃ ሰማያዊ ጥለት በልጅነቴ ነበረኝ» ብላ ነበር። «ያምራል» ብትል ኖሮ አልይዘውም ነበር፤ ያምራል ለማንም የሚባል የወግ ቃል ነው። ይህ ግን ከራሷ ሕይወት የወጣ ነገር ነው። ከዚህም የሚጠነክረው ቅሬታ ነው፤ ሰው ለይሉኝታ ብሎ ያሞግሳል እንጂ ለይሉኝታ ብሎ ትከሻዬን ይጫነኛል አይልም። ፍንጮች ሲጋጩ እኔ የምከተለው ቅሬታውን ነው።

የቆየ ንግግር ግን ዕድሜና ሐዘን ሊሽረው ይችላል። ስለዚህ የአጎቴ ልጅ «ለእኔ ምረጪልኝ» ብላ ሽሮ ሜዳ ወሰደቻት። ዓይኗን የአክስታችን አፍ ላይ ሳይሆን እጇ ላይ አደረገች። አክስታችን ለልጅቷ ደማቅ ደማቁን እያነሳች ትመርጣለች፤ መሃል ላይ እጇ ጠባብ ሰማያዊ ጥለት ወዳለው ስስ ነጠላ ይሄዳል። አንዴ ዳሰሰችው፣ ጥቂት ቆይታ ተመልሳ ዳሰሰችው። በማግሥቱ እኔ ሄጄ ገዛሁት።

ለፋሲካ ስናቀርብላት እንደ ወጉ እምቢ አለች፣ ለመንናት፣ ለበሰች። የአጎቴ ልጅ ጥቁሩን አጥፋ ለሰው ልትሰጥ ስትነሳ ግን አክስታችን ከእጇ ተቀበለቻት። ለባሏ መታሰቢያ ቀን ልትለብሰው ታስቀምጠዋለች። ይህንን ፎቶውም፣ የማኅበር ወዳጇም አልነገሩንም ነበር።