ጉልበት ያልሳምኩበት ዒድ



የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ለዒድ አገር ቤት ገባሁ። አያቴ እንደ ልማዱ ጉልበታቸውን እንድስም ጠበቁኝ። እኔ ግን ቀጥ ብዬ እንደቆምኩ እጄን ዘረጋሁና ዘመድ በተሰበሰበበት «ይሄ ሺርክ ነው» አልኳቸው። እጃቸውን ሳይሰጡኝ «የተማርከው ሰው መናቅ ነው?» አሉኝ።

ያኔ ሐቅ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። ኋላ መድረሳ ገብቼ ስቀራ ግን ቃሌ ራሱ ስህተት እንደነበር ገባኝ። ለሰላምታ ማጎንበስን የሚከለክል ሐዲስ ከአነስ (ረ.ዐ) ተዘግቧል፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ዑለሞች አይወዱትም። ሆኖም ለአክብሮት ማጎንበስና ለዒባዳ መስገድ አንድ አይደሉም። የዩሱፍ (ዐ.ሰ) ቤተሰቦች የሰገዱለት ስግደት እንኳ በእኛ ሸሪዓ ባይፈቀድም፣ ሙፈሲሮች የሰላምታ እንጂ የአምልኮ እንዳልነበረ ያስረዳሉ። እኔ «ይህን ማድረግ ይከብደኛል» ማለት ሲበቃኝ፣ ዕድሜ ልካቸውን የሰገዱትን ሽማግሌ በሺርክ ከሰስኳቸው።

ኢብራሂምን (ዐ.ሰ) አስቡ። አባቱ ጣዖት አምላኪ ነበር። በሱረቱ መርየም ውስጥ ሲመክረው አራት ጊዜ «አባቴ ሆይ» እያለ ነው የሚጠራው። አባቱ በድንጋይ እወግርሃለሁ ብሎ ሲዝትበት፣ በሰላምታና ምሕረት እለምንልሃለሁ በሚል ቃል ተለየው። ከተውሒዱ ግን ቅንጣት አልለቀቀም። ለሙሽሪክ አባት ይህ ከተገባ፣ ለሙስሊም አያትማ እንዴት?

በቀጣዩ ዒድ ሰው ሲበተን ጠብቄ ከአሱር በኋላ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «አባባ፣ ጉልበት መሳም ለእርስዎ ምን ማለት ነው?» አልኳቸው።

«እኔ ለአባቴ ሳጎነብስ አልሰገድኩለትም። ልጅ ዝቅ ሲል ቤቱን እንዳልረሳ አውቃለሁ። ለመሆኑ ከደወልክልኝ ስንት ወር ሆነህ?»

መልስ አጣሁ። እኔ ስለ ሑክሙ ስከራከር፣ እሳቸው ያጡት ዝምድናውን ነበር። በዚያ በኩል ሐቁ የእሳቸው ነበር።

ከዚያ ጀምሮ እጃቸውንና ግንባራቸውን እስማለሁ፤ በየጁሙዓው እደውላለሁ። እሳቸው ዛሬም «ጉልበት ይሻላል» ይላሉ። አልተስማማንም፤ ግን እጃቸውን ይሰጡኛል።

እናንተም ከአያቶቻችሁ ጋር ስትለያዩ፣ ከመናገራችሁ በፊት ራሳችሁን ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የሚሰማኝ ጓደኛ ወይም ዘመድ ባይኖር ይህን በዚህ ድምፅ እናገረው ነበር? ሁለተኛ፣ የእሳቸውን ምክንያት «አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት» እስኪሉ ድረስ መልሼ መናገር እችላለሁ? ካልቻላችሁ ገና አላዳመጣችሁም፤ መልሳችሁን አቆዩትና እንደገና ጠይቋቸው።

አላህ ሐቅን ከአደብ ጋር ይስጠን፤ ለአያቶቻችንም ዓፊያ ይስጣቸው። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ።